የስካን ሠንጠረዥ ሲዘበራረቅ፦ ጎግል ዶክስ፣ ኤክሴል፣ ቴሰራክት ወይስ የሰው እጅ?

ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም አካባቢ የገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ የምትይዙ ከሆነ ወረቀቱን ታውቁታላችሁ። የአባል ስም፣ ቀበሌ፣ ኩንታል፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ። በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት ፋይል ገብቷል፤ ሶፍት ኮፒው ግን የለም። ስካን ታደርጉትና ከምስል ላይ ፊደል በሚለቅመው ኦሲአር ታስነብቡታላችሁ። ፊደሉ ይወጣል፣ ሠንጠረዡ ግን ድራሹ ይጠፋል።

ትልቁ ጣጣ ባዶ ሴል ነው። የአንዱ አባል ቀበሌ ሳይሞላ ከቀረ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ግራ ይንሸራተታል፤ 12 ኩንታሉ ቀበሌ ሥር ይገባል፣ ዋጋው ደግሞ ኩንታል ይሆናል። ስለዚህ መሣሪያ ስትመርጡ የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው። እያንዳንዱ ቃል ገጹ ላይ የት እንደነበረ ይነግራችኋል? ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነስ?

ጎግል ዶክስ ነፃ ነው፣ አማርኛም ያነባል። ምስሉን ድራይቭ ላይ ጭናችሁ በዶክስ መክፈት ብቻ ነው። ለደብዳቤ ጥሩ ነው፣ ለሠንጠረዥ ግን አይሆንም። ዓምዱን አይጠብቅም፣ የተጠራጠረበትንም አያሳይም።

ኤክሴል ከምስል ዳታ የሚያስገባበት መንገድ አለው። ረድፍና ዓምዱን ራሱ ይሠራል፣ ያልተማመነበትን ሴል ቀለም ቀብቶ «እዩልኝ» ይላል። በዚህ የሚደርስበት የለም። ግን የላቲን ፊደል ለሚጠቀሙ ቋንቋዎች የተሠራ ስለሆነ አማርኛ ላይ ይወድቃል። የማይክሮሶፍት 365 ክፍያ ካላችሁ የቁጥር ዓምዶቹን ብቻ ቆርጣችሁ ስጡት፣ ስሙን በእጅ ጻፉ። ለአሥር ገጽ የሚሆን ሥራ ከሆነ እኔ ይህንን ነው የምመርጠው።

ታቡላ የሚባለውን የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። እሱ ውስጡ ጽሑፍ ላለው ፒዲኤፍ ነው። ስካን ላይ አይሠራም፣ እለፉት።

ገጹ በመቶ የሚቆጠር ከሆነ ቴሰራክት የሚባለው የኦሲአር ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ አማርኛ አለው፣ እጁን የፈታ ልጅ ግን ይፈልጋል።

```
tesseract gets1.png gets1 -l amh+eng --psm 6 tsv
```

የሚወጣው ፋይል ለእያንዳንዱ ቃል `left`፣ `top`፣ `width` እና `conf` ይሰጣል፤ `conf` ማሽኑ ከ100 ስንት እንደተማመነ ነው። `top` የሚቀራረቡት አንድ ረድፍ ይሆናሉ። ለዓምዱ ደግሞ ስምና ቀበሌ በግራ ጠርዛቸው ይመደባሉ፤ ቁጥሮች ግን ብዙ ጊዜ ቀኝ ተጠግተው ስለሚታተሙ `left` እና `width` ተደምረው በቀኝ ጠርዛቸው ነው የሚመደቡት፣ ይህን የማያውቅ ልጅ 950ን እና 4,850ን ሁለት የተለያየ ዓምድ ውስጥ ይከታቸዋል። ባዶውም ሴል ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ምክንያቱም በዚያ ቦታ ላይ ምንም ቃል የለም።

ከዚያ በፊት ግን ገጹ ይቃና። በ300 ዲፒአይ የተነሣ ኤ4 ገጽ ስፋቱ 2480 ፒክስል ነው። 1 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል የረድፉ ቀኝ ጫፍ ከግራው ወደ 43 ፒክስል ይወርዳል ወይም ይወጣል። የረድፉ ቁመት 60 ፒክስል ገደማ ከሆነ የአንዱ ሰው ጠቅላላ ብር ለጎረቤቱ ተሰጠ ማለት ነው።

አሁን ጥርጣሬው። `conf` ከ80 በታች የሆነውን ቢጫ ቀቡ፣ እዚያ ግን አታቁሙ። ማሽን ተሳስቶም 95 ሊል ይችላል። ኩንታሉ C፣ የአንዱ ዋጋ D፣ ጠቅላላው E ላይ ከሆነ ሒሳቡ ራሱ ይመስክር፦

```
=IF(ABS(C2*D2-E2)>1,"ይታይ","")
```

ለምሳሌ አንድ የበቆሎ ረድፍ 12 ኩንታል፣ በ4,350፣ ጠቅላላ 58,200 ሆኖ ወጣ እንበል። 12 በ4,350 ግን 52,200 ነው። ወይ ዋጋው 4,850 ሆኖ 8ቱ 3 ተብሎ ተነቧል፣ ወይ ጠቅላላው 52,200 ሆኖ 2ቱ 8 ተብሏል። ሁለቱም ሒሳቡን ያስታርቃሉ! ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱ እንዳያርመው፤ ምልክት ያድርግና ሰው ምስሉን ይይ። ወረቀቱ ራሱ ተሳስቶ ሊሆንም ይችላል፣ ያኔ የተጻፈውን እንዳለ ትታችሁ ማስታወሻ ትጨምራላችሁ። ዜሮው ዐይኑ «ዐ» ሆኖ ከተነበበ ደግሞ ቀመሩ `#VALUE!` ይላል፣ እሱም ያው ጥቆማ ነው።

በእጅ የተጻፈ መዝገብ ከሆነ ይህን ሁሉ ተዉት። ደብረ ማርቆስ ላይ በገጽ ሒሳብ የሚጽፉ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። ለነሱ ስትሰጡ ግን ያላነበቡትን ገምተው እንዳይሞሉ፣ ቢጫ ቀብተው እንዲተዉት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። መቶ ገጽ የደበዘዘ መዝገብ ወስዶ አንድ ቢጫ ሴል ሳይኖረው የመለሰላችሁ ሰው ካለ፣ ቀሪውን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጥቂት ገጾችን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ።