ከጓንዡ እስከ ጎንደር፦ በጋራ ጭነት ዕቃ ለማስመጣት የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ጎንደር አራዳ ወይም ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሱቅ ያለው ሰው ሙሉ ኮንቴይነር ለመሙላት አቅም ላይኖረው ይችላል። ሃያ ሠላሳ ካርቶን ግን ያስመጣል። እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ የሚመጣው የብዙ ሰው ዕቃ አንድ ላይ በሚጭኑ የካርጎ ድርጅቶች በኩል ነው። አብዛኞቻችን ስንመርጥ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ "በኪሎ ስንት?" ይህ ጥያቄ ብቻውን ብዙ ነጋዴ አክስሯል። ዋናው ጥያቄ ዕቃው ጉምሩክ ላይ የሚቀርበው በማን ስም ነው የሚለው ነው። ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው።

ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በመርከብ ነው። ዕቃው በጋራ ኮንቴይነር ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል፣ ዲክላራሲዮን የሚባለው የጉምሩክ ማስገቢያ ሰነድም የሚቆረጠው በእናንተ ቲን ቁጥር ነው። ሁለተኛው በአውሮፕላን ነው፤ ቦሌ ካርጎ ይደርስና እንደዚሁ በእናንተ ስም ይወጣል። ሦስተኛው በተለምዶ "ሁሉን ጨርሰን እናስረክባለን" የሚባለው ነው። ቀረጡንም ማጓጓዣውንም አንድ ላይ በኪሎ ታስቦ ትከፍላላችሁ፣ ዕቃችሁን መጋዘን ሄዳችሁ ትረከባላችሁ።

ምሳሌያችን ጫማ ይሁን። 300 ጥንድ፣ አንዱ 15 ዶላር፣ ጠቅላላ 4,500 ዶላር። በካርቶን 12 ጥንድ ሲታሸግ 25 ካርቶን ይሆናል። ካርቶኑ 60 በ45 በ33 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ክብደቱ 12 ኪሎ። ሁሉም ሲደመር 300 ኪሎ፣ በይዘት ደግሞ 2.2 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው።

ከአውሮፕላኑ ልጀምር፤ እሱ አጭር ነው። አየር መንገዶች ቦታ ለሚይዝ ቀላል ዕቃ በሚዛን ብቻ አያስከፍሉም። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል። የእኛ ካርቶን 12 ኪሎ ቢመዝንም በዚህ ስሌት 14.85 ኪሎ ነው። 25ቱ ካርቶን 371 ኪሎ ሆኖ ይከፈልበታል። በኪሎ 6 ዶላር ብንል 2,226 ዶላር ነው። ያው ዕቃ በመርከብ፣ ሜትር ኪዩቡ 200 ዶላር ቢሆን፣ 450 ዶላር አካባቢ ነው። ስለዚህ ለጫማ አውሮፕላን የሚያዋጣው ለበዓል ገበያ ሲጣደፉ ወይም አዲስ ሞዴል ለመሞከር ጥቂት ካርቶን ሲያስመጡ ነው። ለስልክ መለዋወጫና ለትንንሽ ውድ ዕቃ ግን ሊመረጥ ይችላል። ባትሪና ፈሳሽ ያለበት ካርቶን ከሌላው ጋር አትቀላቅሉ። አየር መንገዱ አንዱን ካርቶን ሲያቆም አብሮት የተጫነውም ሊቆም ይችላል።

አሁን ወደ ቀረጡ። ጉምሩክ የሚያሰላው ከዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም። ዋጋው፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምረው ነው። በመርከብ ለሚመጣው ጫማ 4,500 ሲደመር 450 ሲደመር 50፣ ይኸው 5,000 ዶላር። የዕቃው ታሪፍ 35 በመቶ ነው፣ ኤክሳይስም አይነካውም ብለን እናስላ። የእናንተን ዕቃ ታሪፍ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጉምሩክ ላይ ጉዳያችሁን የሚያስፈጽመው ትራንዚተራችሁ በታሪፍ ቁጥሩ ያረጋግጥላችሁ።

ጉምሩክ ቀረጡ 1,750 ዶላር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶው የሚታሰበው ዋጋውና ቀረጡ ተደምረው ከሚመጣው 6,750 ላይ ነው፤ 1,012 ይሆናል። ሱር ታክስ 10 በመቶው ደግሞ እነዚህ ሁሉ ከተደመሩ በኋላ ይመጣል፤ 776 ነው። በመጨረሻ 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥና 3 በመቶ ቅድመ ግብር ከ5,000ው ላይ ይታሰባሉ፤ እያንዳንዳቸው 150። ጠቅላላው 3,838 ዶላር ይመጣል። "ቀረጡ 35 በመቶ ነው" ተብሎ የተነገረው ሰው 77 በመቶ ገደማ ሲጠየቅ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። አንዱ በሌላው ላይ እየታሰበ ስለሚሄድ ነው።

እንግዲህ ማጓጓዣውን፣ ኢንሹራንሱንና ቀረጡን ስትደምሩ 4,338 ዶላር ወጣ። በዚህ ጊዜ አንዱ የካርጎ ሰው መጥቶ "ሁሉን ጨርሼ በኪሎ 11 ዶላር" ይላችኋል። በ300 ኪሎ 3,300 ዶላር ነው። ከሺህ ዶላር በላይ ቅናሽ! ማን እምቢ ይላል?

ቆም ብላችሁ አስቡት። ቀረጡ ብቻ 3,838 ነው። እሱ ማጓጓዣውንም ትርፉንም ጨምሮ በ3,300 እንዴት ይጨርሳል? በብዛት ስለሚጭን ማጓጓዣው ሊረክስለት ይችላል፤ የመንግሥት ቀረጥ ግን በብዛት አይረክስም። ስለዚህ ወይ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ቀርቧል፣ ወይ ጫማው በሌላ ዕቃ ስም ተጽፏል፣ ወይም ጭራሽ አልተመዘገበም። ጉምሩክ ደግሞ የተጠራጠረውን ኢንቮይስ እንዲሁ አይቀበልም። ተመሳሳይ ዕቃ በስንት እንደገባ አይቶ ዋጋውን እንደገና ያወጣል፣ ቅጣትም ያስከትላል። ያ ሁሉ ሲሆን የሚያዘው የእናንተ ጫማ ነው። ከቀረጡ ያነሰ "ሁሉን ያካተተ" ዋጋ ስትሰሙ ይኼን ስሌት ወረቀት ላይ ሥሩት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላም አለ። በራሳችሁ ስም ካስገባችሁና ለተጨማሪ እሴት ታክስ ከተመዘገባችሁ፣ ያ 1,012 ዶላር ስትሸጡ ከምትሰበስቡት ላይ ይቀነስላችኋል። ቅድመ ግብሩ 150ም ዓመታዊ ግብራችሁ ላይ ይታሰብላችኋል። ሁለቱ 1,162 ዶላር ናቸው። ከ4,338 ሲቀነስ 3,176 ይቀራል። ርካሽ መስሎ ከታየው 3,300 አነሰ ማለት ነው። የትራንዚተርና የደረቅ ወደብ ክፍያ ሲጨመርበት ሁለቱ ሊጠጋጉ ይችላሉ፣ እሱን አልክድም። ግን በአንደኛው እጃችሁ ላይ ዲክላራሲዮን አለ፣ በሌላው ምንም የለም። ወረቀት ከሌለ ገቢዎች የዕቃውን መግዣ ወጪ አልቀበልም ሊላችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ግብሩ ያላተረፋችሁት ትርፍ ላይ ይመጣል።

በሦስተኛው መንገድ ግን ንጹሕ የሚሠሩም አሉ፤ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አይገባም። እነሱ ራሳቸው አስመጪ ናቸው። ዕቃውን በስማቸው ያስገባሉ፣ ለእናንተ በደረሰኝ ይሸጡላችኋል። ዋጋቸው ከላይ ካሰላነው አይወርድም፣ ብዙ ጊዜም ከፍ ይላል። የችርቻሮ ፈቃድ ብቻ ላለው ነጋዴ የምመክረው ይኼን ነው። በስሙ ለማስገባት የአስመጪነት ፈቃድና የባንክ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የባንክ ፈቃድ ሳይያዝ የተጫነ የንግድ ዕቃ ወደብ ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጥያቄው አንድ ነው፦ "በመጨረሻ በስሜ የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ትሰጠኛለህ ወይ?" መልሱ ከተንተባተበ ተዉት።

በስማችሁ በመርከብ ለማስመጣት ከወሰናችሁ የሚያሰጋችሁ መዘግየት ነው። የጋራ ኮንቴይነር ጠባዩ ይኼ ነው፦ የሌላው ሰው ችግር የእናንተም ይሆናል። ባለ 40 ፊቱ ትልቅ ኮንቴይነር ከ60 ሜትር ኪዩብ በላይ ይይዛል፤ የእናንተ 2.2 ነው። የቀረው የማን እንደሆነ አታውቁም። አንዱ ያልተመዘገበ ዕቃ ከጨመረ፣ ወይም ሰነዱ ካልተሟላ፣ ኮንቴይነሩ ለፍተሻ ሲቆም የእናንተም ጫማ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የአንድ ዓይነት ነጋዴዎችን ዕቃ ብቻ የሚጭን፣ የእያንዳንዱን ካርቶን ዝርዝርም ሳያይ የማይቀበል ሰው ምረጡ። ሲያጨናንቃችሁ አትቀየሙት፤ ሌላውንም እንደዚያው ያጨናንቀዋል።

ሌላው መዘግየት የሚጀምረው እዚያው ጓንዡ መጋዘን ነው። ኮንቴይነሩ እስኪሞላ ይጠበቃል። ስትደውሉ "መርከብ ላይ ነው" ይሏችኋል። እውነቱን ለማወቅ የኮንቴይነሩን ቁጥር ጠይቁ። አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። የመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት የት እንደደረሰ ያሳያል። ቁጥሩን መስጠት ካልቻለ ዕቃችሁ አልተጫነም። የቻይና አዲስ ዓመት፣ በፈረንጅ ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ፣ ፋብሪካውም መጋዘኑም ስለሚዘጋ ያንን ወቅት አስቀድማችሁ አስቡ። ለገናና ለጥምቀት ገበያ የሚሆን ጫማ በመስከረም መጨረሻ መርከብ ላይ ካልሆነ እኔ በአውሮፕላን ጥቂቱን ላኩ እላለሁ።

ሰነዱ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮንቴይነሩ ቢል ኦፍ ሎዲንግ የሚባል አንድ ዋና የጭነት ሰነድ አለው፤ እሱ በካርጎ ድርጅቱ ስም ነው። የእናንተ ድርሻ የሚጻፈው "ሃውስ ቢል" የሚባለው ላይ ነው። ስማችሁና ቲናችሁ እዚያ ላይ ከንግድ ፈቃዳችሁ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። የካርቶኑ ብዛትና ክብደቱም ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር እንዲሁ። 25 የተባለው 24 ሆኖ ከተገኘ ማስተካከያው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በዚያ ላይ የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥራል። የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ቀረጡ የሚሰላበት ምንዛሪ ራሱ ሊጨምርባችሁ ይችላል።

መነሻው ላይ በጣም የረከሰ የማጓጓዣ ዋጋም ያጠራጥር። ጥቂት የማይባሉ ድርጅቶች እዚያ የቀነሱትን እዚህ በ"ማራገፊያ"፣ በ"ዴሊቨሪ ኦርደር" እና በ"አያያዝ" ስም ይቀበሏችኋል። ሞጆ ላይ የሚጠየቀውን ክፍያ ሁሉ ከመጫኑ በፊት በጽሑፍ አስልኩ።

የመጨረሻው ርቀት ከአዲስ አበባ ጎንደር ያለው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበት ቀን አለና ሻጭ ሆናችሁ ለደንበኛ ቀን ቆርጣችሁ ቃል አትግቡ። የዲክላራሲዮኑን ኮፒና የቀረጥ መክፈያ ደረሰኙን ከሾፌሩ ጋር ላኩ፤ ኬላ ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ወረቀቱ ሱቃችሁ መሳቢያ ውስጥ ቢሆን ለሾፌሩ አይጠቅመውም። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ እስኪያልቅ ድረስም ዋናውን አትጣሉት፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከመደርደሪያው ጫማ ጋር የሚመሳከረው እሱ ነው።