ያገለገለ ላፕቶፕ ለተኩስ ጌም፦ ከመግዛቴ በፊት ለሻጩ የላክሁት መልእክትና ከወራት በኋላ ያየሁት

ይህን ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛሁት በዋናነት ካውንተር ስትራይክ 2ን ለመጫወት ሲሆን፣ ከገዛሁት ወራት አልፈዋል። ውስጡ RTX 3060 ግራፊክስ ካርድ፣ ራይዘን 7 5800H ፕሮሰሰርና 144 ሄርዝ ስክሪን አለው። ግምገማዬን ለሻጩ ከላክሁት መልእክት እጀምራለሁ፤ ማሽኑ ዛሬ ረጅም ጨዋታ ላይ የሚያሳየው ጠባይ አብዛኛው ያኔ ከሰጠኝ መልሶች አስቀድሞ ሊነበብ ይችል ነበርና። የላክሁት መልእክት ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለሽያጭ ያቀረቡትን ላፕቶፕ የተኩስ ጌም ለመጫወት ስለምፈልገው፣ ከመወሰኔ በፊት አራት ነገሮች ቢያሳዩኝ አመሰግናለሁ። አንደኛ፣ የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ System Information የሚለውን ከፍተው ከMaximum Graphics Power ጎን ያለውን ቁጥር በፎቶ ይላኩልኝ። ሁለተኛ፣ Task Manager ከፍተው Performance፣ ከዚያም Memory ሲሉ Slots used ከሚለው ጎን የተጻፈውን ያሳዩኝ። ሦስተኛ፣ አብሮ የሚሸጠውን ቻርጀር ገልብጠው Output የሚለው ጽሑፍ እንዲነበብ አድርገው ፎቶ ያንሡልኝ። አራተኛ፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ ሃያ ደቂቃ ያህል ከተጫወቱ በኋላ፣ የፍሬም ብዛቱ፣ ሙቀቱና የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በስክሪኑ ጥግ እየታየ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች በስልክዎ ቢቀርጹልኝ እጅግ ደስ ይለኛል።»

«ጌም በደንብ ይጫወታል ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ለዚህ ጥያቄ ሻጭ ሁሉ በቅንነት «አዎ» ሊል ይችላል፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ለእሱ በቂ ከሆነ አልዋሸም። የተኩስ ጌም ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል። 144 ሄርዝ ስክሪን በየ6.9 ሚሊሰከንዱ አዲስ ምስል ይጠብቃል፤ ጠላት ከግድግዳ ጀርባ ብቅ ባለበት ቅጽበት ፍሬሙ ወደ 40 ቢወርድ አንዱ ምስል 25 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ ይህም ዒላማው ላይ ያነጣጠረው እጅ ዘሎ እንደሄደ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ የምፈልገው አማካዩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ውጊያው ሲጋጋል የሚወርድበትን ወለል ነበር።

የግራፊክስ ካርዱን ዋት የጠየቅሁት ስሙ ብቻውን ብዙ ስለማይናገር ነው። የላፕቶፑ RTX 3060 እንደየአምራቹ ምርጫ ከ60 እስከ 115 ዋት ተመድቦለት ይሸጣል፤ ቀጭን አካል ውስጥ ያለው ዝቅተኛውን፣ ወፍራሙ ከፍተኛውን ያገኛል። የእኔ ሻጭ በላከው ፎቶ ላይ 130 ዋት ይነበብ ነበር፤ ይህ 115ቱን ዋት ይዞ፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲቀልለት ለካርዱ የሚለቅለትን 15 ዋት የሚጨምር ቁጥር ነው። በተመሳሳይ ጊዜ ያነጋገርሁት ሌላ ሻጭ ያው ስም ያለው ካርድ ነበረው፤ ፎቶው ላይ ግን 80 ዋት ይላል። ዝቅ ባለ የምስል ጥራት ለሚጫወት የካውንተር ስትራይክ ተጫዋች ልዩነቱ ያን ያህል ላይሰማ ይችላል፤ ጥራቱን ከፍ አድርጎ ከባድ የተኩስ ጌሞችን ለሚጫወት ግን ትልቅ ነገር ነው።

የራሙ ጥያቄ ከሁሉም የበለጠ ጠቅሞኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። መልሱ «1 of 2» ነበር፤ ማለትም 16 ጊጋባይቱ በሙሉ በአንድ ራም ላይ ሆኖ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነበር። ብዛቱ በቂ ነው፤ መንገዱ ግን ግማሽ ነው። በ3200 የሚሠራ አንድ ዲዲአር 4 ራም በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት ሲሆኑ 51.2 ይደርሳል። የምስል ጥራት ዝቅ ተደርጎ በሚጫወት የተኩስ ጌም ሥራው ከግራፊክስ ካርዱ ይልቅ ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሚወድቅ፣ ፕሮሰሰሩ መረጃ እየጠበቀ የሚቆምበት ጊዜ ወዲያውኑ እንደ መንተፋተፍ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአማካይ ወደ 150 ፍሬም እያገኘሁ፣ ጭስ በተወረወረና ብዙ ተጫዋች በተገናኘ ቁጥር ወደ 70 ይወርድብኝ ነበር። ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ሌላ 16 ጊጋባይት ራም ከጨመርሁ በኋላ አማካዩ ወደ 180 ገደማ ወጣ፤ ዋናው ለውጥ ግን ወለሉ ከ110 በታች እምብዛም አለመውረዱ ነው። ይህን አስቀድሜ ስላወቅሁ የሁለተኛውን ራም ወጪ ከሻጩ ጋር በዋጋ ድርድሩ ላይ አንሥቼ ተስማምተናል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ባዶ ቦታ የለም፤ በዚያ ጊዜ ያለው ነገር ለዘለቄታው ያለው ነገር ነው።

ስለ ቻርጀሩ መጠየቄ ለሻጩ ሳይገርመው አልቀረም፤ ቢሆንም ፎቶውን ልኮልኛል። ጽሑፉ 20 ቮልትና 11.5 አምፔር ይላል፤ ሲባዛ 230 ዋት ነው፤ ለዚህ ማሽን የሚበቃውም ይኸው ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ዋናው ቻርጀር ጠፍቶ ሶኬቱ ልክ የሚገባ ሌላ ሲተካ ይታያል። 20 ቮልት በ6 አምፔር የሚል ቻርጀር 120 ዋት ብቻ ይሰጣል፤ ላፕቶፑ ይበራል፣ ባትሪውም ይሞላል፣ ጌም ሲከፈት ግን ኃይል ስለሚያጥረው ካርዱ ራሱን ይቀንሳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቻርጀሩ ተሰክቶ እያለ በጨዋታ መካከል የባትሪው መቶኛ እየወረደ ይሄዳል።

ቪዲዮውን ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንዲቀረጽ የፈለግሁት፣ ማንኛውም ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቆንጆ ስለሚሠራ ነው። ብረቱ ገና አልጋለም፤ ፕሮሰሰሩም ለአጭር ጊዜ ከመደበኛው በላይ ኃይል እንዲወስድ ይፈቀድለታል። በተላከልኝ ቪዲዮ ፕሮሰሰሩ 90 ዲግሪ አካባቢ ቢደርስም ፍጥነቱ 3.8 ጊጋሄርዝ ላይ ጸንቶ ነበር፤ የሚያስፈራው ሙቀቱ በራሱ ሳይሆን ሙቀት ሲጨምር ፍጥነቱ ወደ 2.5 ሲንሸራተትና ፍሬሙም ተከትሎት ሲወርድ ማየት ነው። ከወራት አጠቃቀም በኋላ ጸጥ ያለ ይመስል የነበረው ፋን ጩኸቱን ጨምሮ የፕሮሰሰሩ ፍጥነቱ መዋዠቅ ሲጀምር፣ የጀርባውን ክዳን ከፍቼ በፋኑና በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል እንደ ጨርቅ የተነጠፈ አቧራ አገኘሁ። አጽድቼ ቴርማል ፔስቱን ከቀየርሁ በኋላ ቁጥሩ ወደ ቪዲዮው ተመልሷል። ያ ቪዲዮ ዛሬም ስልኬ ላይ አለ፤ ማሽኑ የተዳከመ ሲመስለኝ የማወዳድረው ከእሱ ጋር ነው።

በመልእክት ሊታወቅ ያልቻለ አንድ ነገር ቢኖር የስክሪኑ ጠባይ ነው። 144 ሄርዝ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፒክስሎቹ ቀለም የሚቀይሩት ቀስ ብለው በመሆኑ፣ ጨለም ባለ ቦታ በፍጥነት ዞር ስል ከሚንቀሳቀስ ሰው ጀርባ ደብዛዛ ጥላ ይቀራል። ይህን የስልክ ቪዲዮ በደንብ አያሳይም፤ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጦ መዳፊቱን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ያስፈልጋል። እኔ አሁን ቤት ስሆን በኤችዲኤምአይ ፈጠን ያለ የውጭ ስክሪን ሰክቼ እጫወታለሁ፤ የላፕቶፑን ስክሪን ለሌላ ሥራ ትቼዋለሁ።