ለአንድ ጀበና የትኛው ካርቶን? ጠባቡ፣ መካከለኛው ወይስ ሰፊው

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሸክላ ጀበና የሚልክ ሰው ካርቶን ሲገዛ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ዕቃው መግባት አለመግባቱን ብቻ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ጀበናው ከገባ በኋላ በየጎኑ ስንት ሳንቲ ሜትር ይተርፋል የሚለው ነው። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። መናኸሪያ ሲደርስም ከአውቶቡሱ ፖርቶ መጋላ ላይ የሚወርደውን ዕቃ ሁሉ በጥንቃቄ የሚቀበል አይገኝም።

ከእጀታው ጫፍ እስከ መቅጃው ጫፍ 20፣ ሆዱ ላይ 16፣ ቁመቱ 26 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጀበና እንውሰድ። እነዚህ ልኮች ሲባዙ ጀበናው የሚይዘው ቦታ 8.3 ሊትር ያህል ይሆናል። ሦስቱን ካርቶኖች በውስጥ ልካቸው ስናነጻጽራቸው እንዲህ ናቸው፦

| ካርቶን | የውስጥ ልክ (ሳ.ሜ.) | በየጎኑ የሚተርፍ | ይዘት | የጀበናው ድርሻ |
|---|---|---|---|---|
| ጠባቡ | 24 × 20 × 30 | 2 ሳ.ሜ. | 14 ሊትር | 58 በመቶ |
| መካከለኛው | 30 × 26 × 36 | 5 ሳ.ሜ. | 28 ሊትር | 30 በመቶ |
| ሰፊው | 40 × 40 × 45 | ከ9.5 እስከ 12 ሳ.ሜ. | 72 ሊትር | 12 በመቶ |

በቦታ ቁጠባ ጠባቡን የሚያክለው የለም። ችግሩ ሲወድቅ ነው። ካርቶኑ ከ75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሰው ወገብ ትንሽ ዝቅ ካለ ቦታ ቢወድቅና መደላድሉ እስከ ግማሽ ውፍረቱ ቢጨመቅ፣ ጀበናው በጠባቡ ካርቶን ውስጥ የሚቆመው በ1 ሳንቲ ሜትር ርቀት ነው። ይህም በአማካይ የክብደቱን 75 እጥፍ ያህል ጫና ያሳርፍበታል። በመካከለኛው 2.5 ሳንቲ ሜትር የመቆሚያ ርቀት ስላለው ጫናው ወደ 30 እጥፍ ይወርዳል። መደላድሉ በ3 ሳንቲ ሜትር መወፈሩ ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል። ሸክላ ደግሞ ቀድሞ የሚሰበረው በሆዱ ሳይሆን እጀታው ከአንገቱ በሚጋጠምበት ቦታ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ የትኛውም ይሁን፣ በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍተት በተጨማደደ ወረቀት አስቀድማችሁ ሙሉት።

ሰፊው ይበልጥ የሚያስተማምን ይመስላል፤ እኔ ግን ለአንድ ጀበና አልመርጠውም። ከ60 ሊትር በላይ ባዶ ቦታ መሙላት ይጠይቃል፤ የተጨማደደ ጋዜጣ ደግሞ በጉዞው ንቅናቄ እየተጠቀጠቀ ይሄዳል። ጀበናው ቀስ በቀስ ወደ ታች ይሰምጥና አዲስ አበባ ሲደርስ ከካርቶኑ ወለል ጋር ተገናኝቶ ይገኛል። የላይኛው ክፍል ባዶ ስለሚቀር ሌላ ዕቃ ሲጫንበት ክዳኑ ይረግባል። ካሸጋችሁ በኋላ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ውስጡ ሲንቀሳቀስ ከተሰማችሁ መደላድሉ አልበቃም ማለት ነው። ዕቃው በአየር የሚሄድ ከሆነ ወጪውም አለ። ብዙ ፈጣን መልእክት አድራሾች የካርቶኑን ይዘት በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ወስደው ለ5,000 በማካፈል ኪሎ ያወጡና ከሚዛኑ ክብደት ጋር አወዳድረው በሚበልጠው ያስከፍላሉ። በውስጥ ልክ እንኳ ቢሰላ ሰፊው 14.4 ኪሎ፣ መካከለኛው 5.6 ኪሎ ይሆናል።

ስለዚህ ምርጫዬ መካከለኛው ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ሻጩ የሚነግራችሁ ልክ የውጭው ሊሆን ይችላል። ባለ ሁለት ድርብ ካርቶን ግድግዳው 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። ከወርድና ከጎን 1.4 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ ከቁመቱ ግን ከላይም ከታችም ክዳኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚደራረብ 2.8 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። የውጭ ልኩ 30 × 26 × 36 የሆነ ካርቶን ከገዛችሁ ከጀበናው በላይና በታች የሚቀረው መደላድል 5 ሳይሆን 3.6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሜትራችሁን ይዛችሁ ሂዱና ክዳኑን ዘግታችሁ በውስጥ በኩል ለኩ።

ከሱቅ የሚገኝ ያገለገለ ካርቶን ርካሽ ቢሆንም፣ በክረምት ጣና ዳር እርጥበት የጠጣ ካርቶን ጥንካሬውን ያጣል። ማዕዘኑን በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት፤ ተጨፍልቆ ከቀረ ተዉት።

ትክክለኛው ልክ ከጠፋ ደግሞ ካርቶኑን በወለሉ ስፋት ምረጡ። ቁመቱ ቢበዛ አራቱን ማዕዘኖች እስከምትፈልጉት ከፍታ ድረስ በቢላ ሰንጥቃችሁ፣ በማስመሪያ ደገፍ አድርጋችሁ አዲስ ክዳን ማጠፍ ትችላላችሁ። ወለሉ ከሰፋ ግን በቀላሉ የሚጠብብበት መንገድ የለም።