በቅደም ተከተል ይሻላል ወይስ በጊዜ መስመር?

ተማሪዎችን ቀን ሳያሸመድዱ የአድዋን ዘመን ታሪክ በሁለት ዓይነት ጥያቄ መፈተን ይቻላል።

ቅደም ተከተል፦ ውጫሌ፣ አምባላጌ፣ መቀሌ፣ አድዋ፣ የአዲስ አበባ ውል፤ አዘበራርቆ መስጠት ነው። ለማውጣት ቀላል ነው። ጣጣው እርማቱ ላይ ነው። የመጨረሻውን ውል መጀመሪያ ያደረገ ተማሪ አምስቱም ቦታ ይዛነፍበታል፣ ዜሮ ያገኛል። ግን የቀሩትን በትክክል ደርድሯል! ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉትን ጥንዶች ቁጠሩ፤ ከአራት ሦስት ያገኛል።

የጊዜ መስመር፦ 1881 እና 1889ን ጫፍና ጫፍ ጻፉለት፣ ሌላውን እሱ ያስቀምጥ። ሦስቱ ውጊያዎች 1888 ላይ ከተጠጋጉ ገብቶታል። እኩል ካራራቃቸው ግን ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የያዘው። ለማረም ጊዜ ይፈጃል።

ብዙ ተማሪ ካለ የመጀመሪያው፣ የጊዜ ርቀት ከተፈለገ ሁለተኛው።