የእናቴን ጣቶች ጨምቆ ላየልን ጤና መኮንን

ይህ ምስጋና መንዝ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ለሚሠራ ጤና መኮንን ነው። ስሙ እንዲጠቀስ ስላልፈለገ አልጽፈውም።

እናቴ የበግ ጸጉር ፈትላ ለባና ሠሪዎች ታቀርባለች። ጥቅምት ላይ ጠዋት ጠዋት እንዝርት መያዝ አቃታት፤ መቀነቷን የምታስርላት እህቴ ሆነች። የሁለቱም እጆቿ ጣቶች ሥራቸው አብጦ ቀለበቷ አልወጣ አለ። ሁላችንም የጥቅምት ውርጭ ነው አልን። አንድ ክሊኒክ «ሪህ ነው» ብሎ ሥጋ ከለከላት፣ ማስታገሻም ሰጣት። ሕመሙ ቀነሰ፣ እብጠቱ ግን እንዳለ ነበር።

ኅዳር መጨረሻ ይህ ልጅ ጋ ወሰድናት። መጀመሪያ የጠየቃት «እማማ፣ ጠዋት እጅዎ እስኪፍታታ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ነው። «ከብቶቹ ወጥተው፣ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ» አለችው። የሥራ ድካምና የዕድሜ ግትርነት ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቃል፣ ከሰዓት በላይ ሲቆይ ግን ያሳስባል አለን። ከዚያ እጇን እንደ ሰላምታ ያዘና የጣቶቿን ሥር ከጎንና ከጎን ጨመቀው። «እግዚኦ!» ብላ ነጠቀችው። ሌላኛውም እጅ እንዲሁ። ጥፍር አጠገብ ያሉት አንጓዎች ግን አላበጡም።

«ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ ነው። ምልክቱ በጀመረ በሦስት ወር ውስጥ ሕክምናው ቢጀመር ይመረጣል» ብሎ ያኔውኑ ደብረ ብርሃን ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ላካት።

እዚያ የደም ምርመራው ብግነት አሳየ፣ በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ ደም ውስጥ የሚገኘው ሩማቶይድ ፋክተር ግን ኔጌቲቭ ሆነ፤ ኤክስሬዩም ንጹሕ ነበር። እኔ «እንግዲያው የለባትም» ብዬ ደስ አለኝ። ሐኪሟ ግን ፋክተሩ በሽታው ባለባቸውም ሰዎች ኔጌቲቭ ሊሆን እንደሚችል፣ ኤክስሬዩ ንጹሕ የሆነውም አጥንቱ ገና ስላልተበላ እንደሆነ አስረዳችኝ። የተበላ አጥንት አይመለስም፤ ማስታገሻ ብቻውን ደግሞ መበላቱን አያቆመውም። ለካ በጊዜ ደርሰን ነው።

የሰውነት መከላከያውን የሚያረጋጋ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ታዘዘላት፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ። በየቀኑ ቢወሰድ ሊገድል ይችላል። ጤና መኮንኑ ፖስታው ላይ በትልቁ «ቅዳሜ ብቻ» ብሎ ጻፈላት፣ የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት የሚቀንሰውን ፎሊክ አሲድ ለሌላ ቀን አደረገው። ጠላና አረቄ ተወች፤ ለጉበቷና ለደም ሴሎቿ በየጊዜው የደም ምርመራ ታደርጋለች። ወዲያው አልተሻላትም፣ ወደ ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። በመሐል «ልተወው» ስትል ደውሎ የመከራት እሱ ነው።

አሁን ሚያዝያ ነው፣ እንዝርቷን ይዛለች። የግራ እጇ አንድ ጣት ጠዋት ላይ አሁንም ያስቸግራታል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይታያል። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።