ለምሽቱ ወረፋ የትኛው ባትሪ? እርሳስ-አሲድ ወይስ ሊቲየም
መብራት በሌለበት ቀበሌ የሶላር ስልክ ቻርጅ ገበያው የሚደራው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለሆነ፣ ልኩን የሚወስነው ከፓኔሉ ይልቅ ባትሪው ነው። አንድ ስልክ ብክነቱን ጨምሮ 20 ዋት-ሰዓት ቢወስድ፣ ለ20 ስልክ 400 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል።

እርሳስ-አሲድ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ይረዝማል፤ ስለዚህ 12 ቮልት፣ 70 አምፔር-ሰዓት ይፈልጋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት 80 በመቶውን ስለሚሰጥ፣ በ12.8 ቮልት 40 አምፔር-ሰዓት ይበቃል።

ልዩነቱ የሚጎላው ሃያውም አንድ ላይ ሲሰኩ ነው። እያንዳንዱ 10 ዋት ሲስብ ድምሩ 17 አምፔር ገደማ ይሆናል። ያረጀ እርሳስ-አሲድ ያኔ ቮልቴጁ ይወርድና፣ ኃይል ሳያልቅበት የባትሪውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ያቋርጠዋል። በክረምት ደመና ሳይሞላ ከሰነበተ ደግሞ አቅሙን የሚቀንስ ሰልፌት ይጋገርበታል። ሊቲየም ቢወደድም ለዚህ ሥራ ይመረጣል፤ ብቻ ኮንትሮለሩ የሊቲየም ምርጫ እንዳለው አስቀድመው ይዩ።