ስክሪን ላይ የሚሮጥ መስመር፦ መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት ፍሬም ይቁጠሩ

ቀረጻው አልቋል፣ እንግዳው ሄዷል፣ መብራቱም ተነቅሏል። ቪዲዮውን ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት ግን ከተናጋሪው ትከሻ ጀርባ ባለው ቴሌቪዥን ላይ ጥቁር መስመሮች ቁልቁል ይሮጣሉ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የመጀመሪያውን ስመ ጥር ማስተካከያ ሶፍትዌር መግዛት ነው። እኔ ግን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር እንዲያደርጉ እለምንዎታለሁ፦ ቪዲዮውን አቁመው በቀስት ቁልፉ አንድ አንድ ፍሬም እያሳለፉ፣ መስመሩ ወደ ነበረበት ቦታ ለመመለስ ስንት ፍሬም እንደሚፈጅበት ይቁጠሩ። የትኛው መሣሪያ እንደሚበጅዎ የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የስክሪኑ ብርሃን ዓይናችን ሊይዘው በማይችል ፍጥነት ይበራል፣ ይጠፋል። ካሜራው ደግሞ ምስሉን ከላይ ወደ ታች ረድፍ በረድፍ ያነባል። ብርሃኑ ደብዘዝ ባለበት ቅጽበት የተነበቡት ረድፎች ጨልመው ይቀራሉ። የስክሪኑ ምትና የካሜራው የፍሬም ብዛት እኩል ካልተካፈሉ ጨለማው በየፍሬሙ ቦታ ይቀይራል፤ እኛም መስመር ሲሮጥ እናያለን።

በቅርብ በእጄ ያለፈ ሥራ ላሳይ። በአንድ ቢሮ የተደረገ ቃለ መጠይቅ ነው፤ ካሜራው በትራይፖድ ላይ ቆሞ በሰከንድ 29.97 ፍሬም፣ ሸተሩ 1/125 ሆኖ ተቀርጿል። ከጀርባ ያለው ቴሌቪዥን ብርሃን በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታል። መቶ ለ29.97 ሲካፈል 3.34 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፍሬም መስመሩ የአንድ ዙር ሲሶ ያህል ይሄድና በሦስተኛው ፍሬም ወደ ቦታው ይመለሳል። ስቆጥረውም ልክ ሦስት ሆኖ አገኘሁት።

ዙሩ ሦስት ፍሬም ከሆነ ሦስቱን ፍሬሞች ማማከል፣ ማለትም ደራርቦ አማካያቸውን መውሰድ ብቻ፣ መስመሩን ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል፤ አንዱ ፍሬም ላይ የጨለመው ቦታ በሌሎቹ ሁለቱ ላይ ብርሃን አለውና። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። በነጻ በሚገኘው ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ፕሮግራም እንዲህ ይሠራል፦

```
ffmpeg -i in.mp4 -vf "tmix=frames=3:weights='1 1 1'" -c:v libx264 -crf 16 -c:a copy out.mp4
```

በማንኛውም ኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይም ይቻላል። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ይደራርቡ፣ ሁለተኛውን በአንድ፣ ሦስተኛውን በሁለት ፍሬም ያዘግዩ፤ የታችኛው ሙሉ፣ የመካከለኛው 50 በመቶ፣ የላይኛው 33 በመቶ ይታይ። ከላይ ያሉትን ሁለቱንም 33 ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ እንዲያ ከሆነ የታችኛው ንብርብር ያይልና መስመሩ ደብዝዞ ይቀራል።

የዚህ ዘዴ ድክመት እንቅስቃሴ ላይ ነው። ተናጋሪው እጁን ሲያነሳ ሦስት እጅ ይታያል። ስለዚህ የተማከለውን ቪዲዮ በማስክ በቴሌቪዥኑ ቅርጽ ቆርጬ ከዋናው ቪዲዮ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሰውየው ሳይነካ ቀረ። ለአብዛኛው ቃለ መጠይቅ ይህ በቂ ሆነ። በአንድ ቦታ ግን ተናጋሪው ጎንበስ ብሎ አራት ሰከንድ ያህል የቴሌቪዥኑን ግማሽ ከለለው፤ እዚያ ላይ ጸጉሩ ዙሪያ መንፈስ የመሰለ ጥላ ተፈጠረ። የሚከፈልበት መሣሪያ ዋጋውን የሚያወጣው በእነዚህ አራት ሰከንዶች ነው።

የዲጂታል አናርኪ ምርት የሆነው ፍሊከር ፍሪ ለዚሁ ችግር ብቻ የተሠራ ተሰኪ ነው፤ በፕሪሚየርም፣ በአፍተር ኢፌክትስም፣ በሪዞልቭም ይገባል። ለሚሮጥ መስመር የተለየ ምርጫ አለው፤ ስንት ጎረቤት ፍሬም እንዲያይ ማዘዝም ይቻላል። ቀደም ብለው የቆጠሩት ቁጥር እዚህ ይጠቅማል፦ ዙሩ አምስት ፍሬም ሆኖ ሳለ ሁለት ፍሬም ብቻ እንዲያይ ካደረጉት መስመሩ አይለቅም። ሰው በስክሪኑ ፊት የሚያልፍበትን ክፍል ከተራ ማማከል እጅግ በተሻለ ሁኔታ ይይዘዋል። ቀርፋፋ ነው፤ ስለዚህ ሙሉውን ሰዓት ሳይሆን የተበላሹትን ቁራጮች ብቻ ይስጡት። መሞከሪያው ምስሉ ላይ ምልክት ስለሚያትም ለደንበኛ ማስረከብ አይቻልም፤ ግን ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን አስቸጋሪ አሥር ሰከንድ ለመፈተን በቂ ነው።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ የሚሸጠው በ295 ዶላር፣ አንድ ጊዜ በሚፈጸም ክፍያ ነው። በውስጡ Deflicker የሚባል ማስተካከያ አለ፤ ነጻው ሪዞልቭ ላይ ግን አይሠራም። Fluoro Light የሚለው ምርጫ አጭር ዙር ላለው ብልጭታ ይስማማል፤ ማስተካከያው ያደበዘዘውን ረቂቅ ዝርዝር መልሶ የሚያመጣ መቆጣጠሪያም አለው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ቀለም የሚያስተካክሉት በሪዞልቭ ከሆነ ፍሊከር ፍሪን ትተው ስቱዲዮን ይግዙ፤ የምስል ጩኸት መቀነሻውንና ሌላውንም አብረው ያገኛሉና። በፕሪሚየር የሚሠሩና የመድረክ ኤልኢዲ ፊት ዘወትር የሚቀርጹ ከሆነ ግን ፍሊከር ፍሪ ይሻልዎታል። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚገጥመው ሰው ነጻው መንገድ ከማስክ ጋር ይበቃዋል።

ኤፍኤፍኤምፔግ ውስጥ deflicker የሚባል ሌላ ማጣሪያም አለ፤ ስሙ ያሳስታል። እሱ የሚለካው የመላውን ፍሬም አማካይ ብርሃን ነው። መስመር ከላይ ወደ ታች ሲሮጥ አማካዩ ብዙም ስለማይለወጥ ማጣሪያው ችግሩን ጨርሶ አያየውም። ሙሉ ምስሉ አብሮ ደመቅ ደብዘዝ ለሚልበት ቪዲዮ ያስቀምጡት።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ቆጥረው ቆጥረው መስመሩ ካልተመለሰ፣ ይልቁንም ቀስ እያለ የሚሳብ ከሆነ፣ ምንም አይግዙ። በትክክል በ60 ኸርዝ የሚሠራ ስክሪን በ29.97 ፍሬም ሲቀረጽ መስመሩ አንድ ዙር ለመጨረስ 500 ገደማ ፍሬም፣ ማለትም 17 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ጎረቤት ፍሬሞች በሙሉ በዚያው ቦታ ጨልመዋል፤ መሣሪያው ከየት ብርሃን ያምጣ? ስክሪኑ ላይ ያለው የቆመ ስላይድ ከሆነና ካሜራው ካልተነቃነቀ፣ በ250 ፍሬም የሚራራቁ ሁለት ምስሎችን ወስደው የየአንዳንዳቸውን ንጹሕ ክፍል ይገጣጥሙና እንደ ቋሚ ምስል ስክሪኑ ላይ ይለጥፉት። ተንቀሳቃሽ ምስል ከሆነ ከባለቤቱ ዋናውን ፋይል ጠይቆ በቦታው መተካት ነው የሚያዋጣው።

የመድረክ ኤልኢዲ ላይ የሚታይ እንደ ሽመና የተጠላለፈ የቀለም ሞገድ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ካሜራው ሲነቃነቅ ወይም ፎከሱ ሲለወጥ የሚለዋወጥ፣ ካሜራው ሲቆም ግን የሚረጋ ከሆነ ሞይሬ ነው፤ ከላይ ከተጠቀሱት አንዱም አያስወግደውም።

የመረጡት የትኛውም ቢሆን የሥራው ቅደም ተከተል ውጤቱን ያበላሻል ወይም ያድናል። ማስተካከያው የሚሠራው ቪዲዮው በተቀረጸበት የፍሬም ብዛት ላይ፣ ከማረጋጊያም ሆነ ከማጉላት በፊት ነው። የ29.97ን ቪዲዮ መጀመሪያ 25 ፍሬም ባለው ታይምላይን ላይ ከጣሉት ከየስድስቱ አንድ ፍሬም ገደማ ይጠፋና የሦስቱ ዙር ይሰበራል፤ ያኔ ማማከሉም ተሰኪውም ይስታሉ። ሥራው ሲያልቅ በቆመ ምስል አይፍረዱ። ቪዲዮውን በ100 በመቶ መጠን አጫውተው የስክሪኑን ጽሑፍ ጠርዝ፣ በፊቱ የሚያልፈውን እጅ፣ ከዚያም የተናጋሪውን ግንባር ይመልከቱ፤ ግንባሩ እንደ ልብ ምት የሚደምቅና የሚደበዝዝ ከሆነ ማስተካከያው ከስክሪኑ አልፎ ሰውየው ላይ ደርሷልና ማስኩን ያጥብቡት።